ሁለት ሳጥን፣ አንድ ሰዓት፦ ብላክ ቦክስ እንዴት ነው የሚነበበው (ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ የቆማችሁ ሰዎች እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፣ ኑ ተቀመጡ፣ አልናከስም። ድምፄ ይሰማል? እሺ ጥሩ።

አዘጋጆቹ ደውለው "ስለ ብላክ ቦክስ አንድ ነገር አውራልን" ሲሉኝ ስንት ደቂቃ አለኝ ብዬ ጠየቅኩ፣ አርባ አሉኝ፣ እኔ በዚህ ርዕስ ከጀመርኩ ማቆም ስለማልችል ሰዓቱ ሲያልቅ እጃችሁን አውጡና አስቁሙኝ፣ አልቀየምም።

ለማታውቁኝ፣ እኔ የአቪዮኒክስ፣ ማለትም የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ፣ ቴክኒሻን ነበርኩ፣ ብዙውን የስራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ብላክ ቦክስ ከምትሏቸው የአውሮፕላን መቅጃዎች መረጃ አውርዶ በማንበብ ነው። ስራዬ ግን አብዛኛው አደጋ አልነበረም። መቅጃው በትክክል እየቀዳ መሆን አለመሆኑን በየጊዜው አውርዶ ማየት አሰልቺ ስራ ነው፣ ግን ያ አሰልቺ ስራ ነው ብላክ ቦክስ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ ያስተማረኝ።

ሶስት ነገር ነው የማወራችሁ። አንደኛ ሳጥኖቹ ውስጥ በእርግጥ ያለው ምንድነው፣ ሁለተኛ ሁለቱ ሳጥኖች እንዴት ነው አንድ ላይ የሚሰፉት፣ ሶስተኛ የማይቀዳው ነገርስ። ከሶስቱ ሁለተኛው ላይ ነው የምቆየው፣ ምክንያቱም ሰው ብላክ ቦክስ ሲባል ተከፍቶ እንደሚነበብ ደብዳቤ ነው የሚመስለው። አይደለም። ደብዳቤ ቢሆንማ መርማሪ ምን ያስፈልጋል?

እሺ፣ አንደኛው።

ብላክ ቦክስ ጥቁር አይደለም፣ ብርቱካናማ ነው፣ ይሄን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንድም አይደለም፣ ሁለት ነው። አንዱ የበረራ መረጃ መቅጃ፣ ሌላው የኮክፒት፣ የአብራሪዎቹ ክፍል ማለት ነው፣ የድምፅ መቅጃ። ትልቁ ሳጥን ራሱ ብዙም ዋጋ የለውም፣ ቢጨፈለቅም ግድ የለም፣ ዋናው እሱ ላይ የታሰረው ትንሽ የታሸገ ብረት ነው፣ ሚሞሪው እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ያ ብረት ከመሬት ስበት 3,400 እጥፍ የሚሆን ምት ይችላል፣ በ1,100 ዲግሪ እሳት ውስጥ አንድ ሰዓት ይቆያል፣ 6,000 ሜትር ባህር ስር ያለውን ግፊት ይችላል። ለዚህ ነው አውሮፕላኑ ዱቄት ሆኖ እሱ የሚተርፈው።

የመረጃ መቅጃው ውስጥ ምንድነው ያለው? ብዙ ሰው ግራፍ ያለ ይመስለዋል። ግራፍ የለም! ያለው ዜሮና አንድ ብቻ ነው፣ ተከታትሎ የተደረደረ፣ ሃያ አምስት ሰዓት ሙሉ። በየሰከንዱ አንድ ጥቅል ቁጥር ይገባል፣ በዚያ ጥቅል ውስጥ የመጀመሪያው ቦታ ይሄ ነው፣ አስረኛው ቦታ ያ ነው ብሎ የሚነግራችሁ ሌላ ሰነድ አለ፣ እኛ ካርታው እንለው ነበር። ለምሳሌ አንድ ቦታ ላይ 1,365 የሚል ቁጥር አገኘሁ እንበል። ምንድነው? ቁጥሩ ከ0 እስከ 4,095 የሚሄድ ነው፣ ካርታው "ይሄ ቦታ አቅጣጫ ነው፣ ሙሉው ክብ 360 ዲግሪ ነው" ካለኝ 1,365 ማለት 120 ዲግሪ ገደማ ነው፣ አውሮፕላኑ ወደ ደቡብ ምስራቅ እያየ ነው። ካርታው የሌላ አውሮፕላን ከሆነ ግን ያው ቁጥር የሞተር ሙቀት ሊሆን ይችላል፣ ኮምፒውተሩም ሳያፍር ቆንጆ ግራፍ ይስልላችኋል።

እዚህ ጋ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ስራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ በረራ አውርጄ ሳይ አውሮፕላኑ ባህር ዳርቻ ያለ ኤርፖርት ላይ ሲያርፍ ከፍታው ከዜሮ በታች ወደ ሁለት መቶ ጫማ ወርዷል። ከመሬት በታች! ሮጬ አለቃዬ ጋ ሄድኩ፣ ሴንሰሩ ተበላሽቷል አልኩት፣ እሱ ቡናውን እንኳን ሳያስቀምጥ "የዚያን ቀን የአየር ግፊት ስንት ነበር?" አለኝ። አላየሁም። መቅጃው ከፍታ የሚቀዳው ከአንድ ቋሚ ስታንዳርድ ግፊት ተነስቶ ነው፣ አብራሪው ግን የኤርፖርቱን የዕለቱን ግፊት አስገብቶ ነው መሳሪያውን የሚያየው፣ የዚያን ቀን ግፊቱ ከስታንዳርዱ ከፍ ያለ ስለነበረ የእኔ ግራፍ አውሮፕላኑን ቀበረው። ሴንሰሩ ጤነኛ ነው፣ የተበላሸሁት እኔ ነኝ። መቅጃው የቀዳውና አብራሪው ያየው ሁልጊዜ አንድ አይደለም፣ ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ።

የድምፅ መቅጃው ደግሞ አራት መስመር አለው። ካፒቴኑ ሄድሴት፣ ረዳት አብራሪው ሄድሴት፣ አንድ ለሶስተኛ ሰው ወይም ለተሳፋሪ ማስታወቂያ፣ አራተኛው ደግሞ ኮክፒቱ ጣሪያ አካባቢ ያለች ትንሽ ማይክ ናት። እኔን ብትጠይቁኝ ከአራቱ ይቺን ነው የምመርጠው። ለምን? የሰው ድምፅ በሄድሴቱ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ይቺ ግን የምትሰማው ክፍሉን ነው። ማብሪያ ማጥፊያ ቀጭ ሲል፣ በር ሲከፈት፣ ወንበር ሲንሸራተት፣ ሞተሩ ድምፁን ሲቀይር፣ መስታወቱን የሆነ ነገር ሲመታው። መርማሪዎች ይሄን ድምፅ ወደ ምስል ይቀይሩትና የትኛው ድግግሞሽ ላይ ምን እንዳለ ያያሉ፣ ሞተሩ በስንት ፍጥነት እንደሚዞር ከድምፁ ብቻ ማስላት የሚቻልበት ጊዜ አለ፣ የመረጃ መቅጃው ቢጠፋ እንኳን።

ግን ድምፅ ያታልላል፣ በጣም ያታልላል። አንድ ቀን ለጥራት ምርመራ አንድ ቅጂ እየሰማሁ አንድ የታፈነ ቃል ሰማሁ፣ "ዝጋው" የሚል መሰለኝ። ባልደረባዬን ጠርቼ "እስቲ ስማ፣ ዝጋው ነው የሚለው አይደል?" አልኩት፣ ሰማና "አዎ፣ ዝጋው" አለ። ሶስተኛዋ ባልደረባችን ስትገባ ምንም ሳንነግራት አሰማናት፣ እሷ "ያዘው" ነው የሚለው አለች። ተከራከርን፣ ደጋግመን ሰማን፣ በኋላ እዚያው ቅጂ ላይ ሌላ ቦታ ያው ድምፅ ቃል በቃል ሲደገም አገኘነው፣ ለካ ወንበር በሃዲዱ ላይ ሲንሸራተት ነው! ማንም ምንም አላለም። በእውነተኛ ምርመራ ላይ ለዚህ ነው አንድ ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ ሰምቶ የማይጽፈው። ቡድን ነው የሚሰማው፣ ያንን አውሮፕላን የሚያበር ሰው አለ፣ የሟቾቹን ድምፅ የሚለይ ሰው አለ፣ አምራቹ አለ፣ ያልተስማሙበት ቃል በቅንፍ ይገባል ወይ "አይሰማም" ተብሎ ይጻፋል። "ለመሆኑ ምን ያለ ይመስልሃል" ብሎ መጠየቅ ራሱ ወንጀል ነው ማለት ይቻላል፣ ከነገርከው በኋላ የነገርከውን ነው የሚሰማው።

እሺ፣ ወደ ሁለተኛው ልግባ፣ ዋናው ይሄ ነው።

የመረጃ መቅጃው ሰዓት አለው። የድምፅ መቅጃው ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ የሁለት ሰዓት ድምፅ ብቻ ነው፣ "አሁን ሁለት ሰዓት ከአስር ሆኗል" አይልም። ታዲያ ካፒቴኑ "ምንድነው ይሄ?" ባለበት ቅጽበት አውሮፕላኑ ምን እያደረገ ነበር? ይሄን ካላወቃችሁ ሁለቱም ሳጥኖች በእጃችሁ ሆነው ምንም የላችሁም። ሰውየው "ምንድነው ይሄ" ያለው የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከመነሳቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በፊት ከሆነ አንድ ታሪክ ነው፣ በኋላ ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው።

እንዴት ነው የሚሰፋው? በጣም ቀላልና ብልህ የሆነ መንገድ አለ። አብራሪው ከመቆጣጠሪያ ማማ ጋር ሲነጋገር የሬዲዮ ቁልፍ ይጫናል አይደል? ያንን መጫን የመረጃ መቅጃው "ተጫነ፣ ተለቀቀ" ብሎ ይመዘግባል፣ ከነሰዓቱ። ንግግሩ ደግሞ ድምፅ መቅጃው ላይ ይሰማል። ማማው ራሱም የራሱ ቅጂ አለው፣ እሱም ሰዓት አለው። ስለዚህ በሁለት ሰዓት ውስጥ አስር ጊዜ ቢነጋገር አስር መርፌ አላችሁ ማለት ነው፣ አንዱን ሳጥን ከሌላው ጋር በአስር ቦታ ትወጉታላችሁ። ሬዲዮ ከሌለ ማስጠንቀቂያ ድምፅ አለ፣ አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው ኦቶፓይለት ሲለቅ የሚጮኸው ጩኸት ድምፅ መቅጃው ላይ አለ፣ መልቀቁ ራሱ ደግሞ መረጃ መቅጃው ላይ አለ። በቴፕ ዘመን ሌላም ጣጣ ነበረ፣ ቴፑ ሊፈጥን ወይም ሊዘገይ ስለሚችል ሰከንዶቹ ይለጠጣሉ፣ ያኔ የሚያድነው የአውሮፕላኑ ኤሌክትሪክ 400 ሄርዝ ላይ የሚያሰማው ቀጭን ጉምጉምታ ነበር፣ ቅጂው ላይ 390 ሆኖ ከተሰማ ቴፑ ምን ያህል እንደሳተ ታውቃላችሁ። ስህተት የሚመስል ጩኸት ሰዓት ሆኖ ሲያገለግል ደስ ይላል፣ ለእኔ ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ሁሉም ነገር በየቅጽበቱ አይቀዳም። አውሮፕላኑን ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፋው ኃይል በሰከንድ ስምንት ጊዜ ይቀዳል፣ አንዳንድ ነገር በሰከንድ አንዴ፣ አንዳንዱ በአራት ሰከንድ አንዴ ብቻ። ስለዚህ ግራፉ ላይ በሰከንድ አንዴ የሚቀዳ አንድ ማብሪያ በ10ኛው ሰከንድ በራ ካለ የበራው ከ9 እስከ 10 ባለው የሆነ ቦታ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከሆነ የቱ እንደቀደመ ከግራፉ ላይ በዓይን ማንበብ አይቻልም፣ እዚህ ላይ ነው የጀማሪ መርማሪ ሪፖርት የሚገለበጠው።

አሁን አንድ እውነተኛ ጉዳይ ይዤ ልሂድ፣ የኤር ፍራንስ 447። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2009፣ ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ወደ ፓሪስ፣ ኤርባስ A330፣ 228 ሰው። አትላንቲክ መሃል ላይ ጠፋ። አውሮፕላኑ በራሱ ለጥገና ክፍል የሚልካቸው አጫጭር መልዕክቶች ነበሩት፣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች 24 መልዕክት ልኮ ነበር፣ ፍጥነት መለኪያዎቹ እርስ በርስ እንዳልተስማሙ ከእነሱ ይታወቅ ነበር። ከዚያ ውጪ? ምንም። ሳጥኖቹ ላይ ያሉት፣ ውሃ ውስጥ ቦታቸውን የሚጠቁሙት ድምፅ አሰሚዎች ለ30 ቀን ያህል ነው የሚጮኹት፣ አልተሰሙም፣ ባትሪው አለቀ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ሚያዝያ 2011 ስብርባሪው በ3,900 ሜትር ጥልቀት ተገኘ። ሮቦት ገብቶ በመጀመሪያ የመረጃ መቅጃውን ሳጥን አገኘ፣ ሚሞሪው ግን ተነቅሎ የለም! አስቡት፣ ሁለት ዓመት ፈልጋችሁ ባዶውን ሳጥን ስታገኙ። በቀናት ውስጥ፣ ግንቦት 1 ሚሞሪው ተገኘ፣ በማግስቱ ደግሞ የድምፅ መቅጃው።

ከባህር የወጣ መቅጃ ወዲያው አይደርቅም፣ አየር ካገኘው ጨውና ዝገቱ ስራውን ይጀምራል፣ ስለዚህ በውሃ ውስጥ እንደተነከረ ነው ተጓጉዞ ላብራቶሪ የሚገባው። እዚያ ብረቱ ተከፍቶ፣ ሰሌዳው ላይ ያለው መከላከያ ቀስ ተብሎ ተልጦ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እያንዳንዱ ግንኙነት ተለክቶ ነው መጨረሻ ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው። አንድ ቦታ ሾርት ካለ ከሁለት ዓመት ባህር ስር የተረፈውን ነገር ጠረጴዛ ላይ ታቃጥሉታላችሁ። ተሳካላቸው፣ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ተነበቡ፣ በመረጃ መቅጃው ላይ ብቻ ወደ 1,300 ዓይነት መረጃ።

እሺ አሁን ሁለቱን እንስፋቸው። ሰዓቶቹ ሁሉ በዓለም አቀፉ ሰዓት ናቸው።

ከ02:02 በፊት ትንሽ ቀደም ብሎ ካፒቴኑ እረፍት ሊያደርግ ከኮክፒቱ ይወጣል፣ ሁለት ረዳት አብራሪዎች ይቀራሉ፣ የሚያበረው በቀኝ ወንበር ያለው ነው። 35,000 ጫማ ላይ ናቸው። 02:09:46 ገደማ ላይ፣ መረጃ መቅጃው ገና ሁሉ ሰላም እያለ፣ ያቺ የነገርኳችሁ የጣሪያ ማይክ የክፍሉ ድምፅ ሲቀየር ትቀዳለች። ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ። የበረዶ ቅንጣት ነው፣ አካሉን እየመታ። አያችሁ? ከሃያ ሰከንድ በኋላ የሚመጣውን ነገር መጀመሪያ ያወቀችው ማይኳ ናት።

02:10:05፣ ኦቶፓይለቱ ይለቃል። ጩኸቱ ድምፅ መቅጃው ላይ፣ መልቀቁ መረጃ መቅጃው ላይ፣ ይቺ አንዷ መርፌ ናት። በዚያው ቅጽበት በግራ በኩል ያለው የፍጥነት ንባብ ከ275 ኖት ገደማ ወደ 60 ይወድቃል። አውሮፕላን በአንድ ሰከንድ 200 ኖት ማጣት አይችልም፣ ስለዚህ የወደቀው ፍጥነቱ ሳይሆን መለኪያው ነው፣ ፍጥነት የሚለካው ቱቦ በበረዶ ተደፍኗል። በቀኝ ያለው አብራሪ "እኔ ይዤዋለሁ" ይላል፣ ድምፅ መቅጃ። እጁ ምን እያደረገ ነው? መረጃ መቅጃ፣ መሪዋን ወደ ራሱ እየሳበ ነው። አፉና እጁ በሁለት ሳጥን ውስጥ ናቸው፣ አንድ ላይ ስታደርጓቸው ብቻ ነው ሰውየውን የምታዩት።

አፍንጫው ከ10 ዲግሪ በላይ ይነሳል፣ አውሮፕላኑ በደቂቃ 7,000 ጫማ በሚደርስ ፍጥነት ይወጣል። 02:10:51 ላይ የስቶል ማስጠንቀቂያ ያለማቋረጥ መጮህ ይጀምራል። ስቶል ማለት ሞተር መጥፋት አይደለም፣ ብዙ ሰው እንደዛ ይመስለዋል፣ ክንፉ ከአየሩ ጋር የሚሰራው አንግል ከመጠን ሲያልፍ ክንፉ መሸከም ሲያቆም ነው። መድኃኒቱ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ነው። መሪዋ ግን አሁንም ወደ ኋላ ናት። 38,000 ጫማ ገደማ ላይ ይደርሱና መውረድ ይጀምራሉ። ማስጠንቀቂያው ያለማቋረጥ 54 ሰከንድ ይጮሃል፣ በድምፅ መቅጃው ላይ ግን አንዱም አብራሪ ስሙን አይጠራውም።

ኦቶፓይለቱ ከለቀቀ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ በኋላ ካፒቴኑ ይመለሳል፣ የበሩ ድምፅ ይሰማል። አሁን ይቺን ልብ በሉልኝ፣ እባካችሁ። እሱ ከገባ በሰከንዶች ውስጥ የስቶል ማስጠንቀቂያው ይቆማል። ጸጥ! አውሮፕላኑ ተሻለው? የድምፅ መቅጃውን ብቻ ብትሰሙ አዎ ነው የምትሉት፣ ጩኸቱ ቆመ፣ ችግሩ አለፈ። መረጃ መቅጃውን ስታስጠጉ ግን ያስደነግጣል፣ አንግሉ ከ40 ዲግሪ በላይ ሆኗል፣ በደቂቃ 10,000 ጫማ እየወደቁ ነው፣ ከመቼውም በላይ ስቶል ውስጥ ናቸው። ታዲያ ለምን ዝም አለ? ምክንያቱም የተለካው ፍጥነት ከ60 ኖት በታች ሲወርድ ኮምፒውተሩ የአንግሉን ንባብ አላምንም ይላል፣ ንባብ ከሌለ ማስጠንቀቂያም የለም። ነገሩ በጣም ከመባባሱ የተነሳ ነው ዝም ያለው።

ቀጥሎ ያለው የባሰ ነው። ትንሽ ቆይቶ በቀኝ ያለው ሰው መሪዋን ወደፊት ይገፋል፣ ማለትም ትክክለኛውን ነገር ያደርጋል። አንግሉ ይቀንሳል፣ የተለካው ፍጥነት ከፍ ይላል፣ ኮምፒውተሩ ንባቡን መልሶ ያምናል፣ ማስጠንቀቂያው "ስቶል ስቶል" ብሎ መጮህ ይጀምራል! ልክ ሲያደርግ ይጮህበታል፣ ሲስብ ዝም ይላል። ይሄን በየትኛው ሳጥን ላይ ታገኙታላችሁ? በአንዱም ላይ ተጽፎ አታገኙትም፣ ጩኸቱን ከአንዱ፣ እጁንና አንግሉን ከሌላው ወስዳችሁ በአንድ ወረቀት ላይ ከላይና ከታች ስትደረድሯቸው፣ በየሰከንዱ፣ ያኔ ብቻ ነው የሚታየው። እኔ ያንን ገበታ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ተነስቼ ውጪ ወጣሁ፣ እውነቴን ነው።

02:14:28 ላይ ሁለቱም ቅጂዎች ያልቃሉ። መጨረሻ ላይ አፍንጫው 16.2 ዲግሪ ወደ ላይ እንደተነሳ ነው፣ የሚወርዱት በደቂቃ 10,912 ጫማ ነው። ከላይ እስከ ባህሩ ሶስት ደቂቃ ተኩል ገደማ።

እሺ ውሃ ልጠጣ።

ሶስተኛው፣ የማይቀዳው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ነበረች።

447 ላይ እንቆይ። የሚያበረው በቀኝ ያለው ሰው ነው ብያለሁ። መረጃ መቅጃው ግን የፍጥነት ንባብ የሚቀዳው በግራ በኩል ያለውንና የመሃሉን ተጠባባቂ መሳሪያ ነበር። የቀኙን አይቀዳም! 1,300 ዓይነት ነገር ተቀድቶ፣ እጁ መሪው ላይ ያለው ሰው ፊት ለፊቱ ስንት የሚል ቁጥር ያይ እንደነበር የለም። የግራው ለ29 ሰከንድ ተሳስቶ ነበር፣ የመሃሉ ለ54፣ የቀኙ ቢበዛ ለ61 ሰከንድ፣ "ቢበዛ" የምትለዋን ቃል አያችኋት? የተለካ ሳይሆን ከሌላ ነገር ተነስቶ የተገመተ ስለሆነ ነው።

ሌላም አለ። አብራሪው ስክሪን ላይ "አፍንጫህን ወደዚህ ውሰድ" የሚሉ መስመሮች አሉ፣ መሪ መስመሮች። እነሱ በዚያች ሰዓት እየጠፉ ይመለሱ ነበር፣ መርማሪዎቹ ኮምፒውተሩ ምን ሊያሳይ ይችል እንደነበር ካሰሉ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ወደ ላይ እንዲስብ የሚያዙ ሳይሆኑ እንዳልቀሩ አገኙ። ሰውየው ለምን ይስብ እንደነበር ከሚያስረዱት ነገሮች አንዱ ይሄ ሊሆን ይችላል። ግን የመስመሮቹ ቦታ አልተቀዳም፣ ስለዚህ "ሊሆን ይችላል" ብለው ነው የጻፉት። ከጓደኞቼ ጋር በዚህ እንጣላለን፣ አንዳንዱ "ሰውየው ጅል ነው" ይላል። ስክሪኑን አይተኸዋል? አላየኸውም። እኔም አላየሁትም። መርማሪዎቹም አላዩትም። ስለዚህ ነው በሪፖርታቸው የሁለቱም አብራሪ ንባቦችና መስመሮቹ እንዲቀዱ፣ መሳሪያዎቹን የሚያሳይ የኮክፒት ምስል መቅጃም እንዲኖር የጠየቁት። የምስሉን ነገር ብዙ አብራሪ አይወደውም፣ ስራ ቦታህ ላይ ካሜራ ሲተከልብህ አንተም አትወደውም፣ እኔ ግን መሳሪያዎቹን ብቻ እያየ የሰውን ፊት የማያይ ከሆነ ቢኖር ነው የምለው።

ሌሎቹን ቶሎ ልበል። መቅጃ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ታህሳስ 2024 ደቡብ ኮሪያ ላይ የተከሰከሰው የጄጁ ኤር አውሮፕላን የመጨረሻዎቹ አራት ደቂቃዎች በሁለቱም ሳጥን ላይ የሉም፣ በጣም የሚፈለጉት አራት ደቂቃዎች። ድምፅ መቅጃ ደግሞ በራሱ ላይ እየደረበ ይቀዳል፣ አውሮፕላኑ በሰላም ካረፈ በኋላ አንድ ሰው ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠውን ሰርኪዩት ብሬከር ካልነቀለው በሁለት ሰዓት ውስጥ የተፈለገው ነገር ይጠፋል። ጥር 2024 አሜሪካ ውስጥ አየር ላይ የበር መሰኪያው፣ ማለትም በር በሌለበት ክፍተቱን የሚደፍነው ክዳን፣ የተገነጠለበት ቦይንግ 737 ላይ የሆነው ይሄ ነው፣ ሰው ሁሉ ተርፎ ድምፁ ብቻ ሞተ። በአዳዲስ ትልልቅ አውሮፕላኖች ላይ ይሄ ወደ 25 ሰዓት እንዲያድግ የተደረገው ለዚህ ዓይነቱ ነው። እኔም አንድ ጊዜ በየጊዜው በምናደርገው ምርመራ ላይ የጣሪያዋ ማይክ መስመር ጉምጉምታ ብቻ ሆኖ አገኘሁት፣ ወደ ኋላ ሄጄ ያለፈውን ፋይል ሳየው ያኔም ጉምጉምታ ነበር፣ የሆነ ሰው ሳያዳምጥ "ይሰራል" ብሎ ፈርሟል። አውሮፕላኑ በእነዚያ ወራት ሁሉ ያለ ጆሮ ነበር የሚበረው። ማን እንደፈረመ አልናገርም፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል።

ከ447 በኋላ ደግሞ የድምፅ አሰሚዎቹ እድሜ ከ30 ቀን ወደ 90 ቀን ከፍ ብሏል፣ ሩቅ የሚሰማ ዝቅተኛ ድምፅ ያለው ሌላ አሰሚም በውቅያኖስ ላይ ርቀው የሚበሩ አውሮፕላኖች አካል ላይ እንዲታሰር ተደርጓል።

እጅ እያወጣችሁ ነው፣ ገባኝ፣ ሰዓቱ አልቋል። ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ፣ ከኋላ ያለኸው ልጅ አንተ ቀድመህ ነበር፣ ማይኩን ስጡት።